«እኔ ጋ ያ ሰውዬ የለም»፦ የElden Ring ቪድዮ ርዕስና መግለጫ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «Elden Ringን ከመጀመሪያው ጀምሬ በአማርኛ እያስረዳሁ ዩቲዩብ ላይ እየለቀቅኩ ነው። 14 ቪድዮ ደርሻለሁ። ርዕሶቼ "ኤልደን ሪንግ ክፍል 5" ዓይነት ናቸው። አንዱ ይገባና "እኔ ጋ ያ ሰውዬ የለም" ይለኛል። ሌላው "ታሪኩን አበላሸህብኝ" ብሎ ይሰድበኛል። ርዕሱና መግለጫው ላይ ምን ብጽፍ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ችግሩ የሚጀምረው «ክፍል 5» ከሚለው ነው። 5 የአንተ ቁጥር ነው። አንተ በአምስተኛው ቀን ስለቀረጽከው ነው አምስት የሆነው። ፈልጎ የሚመጣው ሰው ግን ክፍል አምስት ላይ አይደለም የተቸገረው። አንድ ድልድይ ላይ፣ አንድ ቦስ ፊት ቆሞ፣ ለአሥረኛ ጊዜ ሞቶ ስልኩን ያነሳ ሰው ነው። ቪድዮውን ከመክፈቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ይሄ የኔው ጌም ነው ወይ? እኔ ያለሁበት ቦታና አቅም ላይ ነው ወይ? ያላየሁትን ነገር ያሳየኛል ወይ? ርዕስህና የመግለጫህ የመጀመሪያ መስመሮች እነዚህን ከመለሱ ከምትሰማው ቅሬታ አብዛኛው ይጠፋል።

«ያ ሰውዬ የለም» ካለህ ሰው ልጀምር። ልጁ ምናልባት እውነቱን ነው። Elden Ring የወጣው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 25፣ 2022 ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 17፣ 1.03 የሚባለው አፕዴት መጣ። ይሄ አፕዴት የቁጥር ማስተካከያ ብቻ አልነበረም። Jar-Bairn የሚባል ገጸ ባሕርይ ጭራሽ አዲስ ገባ። የNepheli Loux፣ የKenneth Haight፣ የDiallos እና የበር ጠባቂው የGostoc ታሪኮች ቀጣይ ክፍል ተጨመረላቸው። ያገኘኸው ሰው ስም ካርታው ላይ ምልክት ሆኖ መቀመጥ የጀመረውም ያኔ ነው። ስለዚህ 1.03ን ያላወረደ ሰው አንተ የምታሳየውን ሰውዬ ዓመት ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም። በተቃራኒው ደግሞ ጌሙ በወጣ ሰሞን የተሠሩ ቪድዮዎች «የኔፌሊ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል» ይላሉ። ሲቀረጹ ትክክል ነበሩ። ዛሬ ግን ሰው ያሳስታሉ፤ ርዕሳቸው ላይ ቨርዥን ስለሌለ ተመልካቹ ይሄን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እኛ አገር ይሄ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ብዙ ጌም ቤት ያለ ፕሌስቴሽን ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ዲስኩ ላይ ያለው እንዳለ ነው የሚጫወተው። ቤቱ የሚጫወተውም ቢሆን ዳታ ስለሚበላበት አፕዴቱን ያቆየዋል። አንተ የቅርቡን ቨርዥን ይዘህ ስትቀርጽ ተመልካችህ 1.00 ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ የምትጫወቱት ጌም ነው የተለያየው።

ቨርዥኑን ለማየት ጌሙን ክፈትና መነሻው ስክሪን ላይ ከታች በስተቀኝ ተመልከት። ሁለት ቁጥር አለ። App Ver. የሚለው ራሱ የተጫነው ጌም ነው። ሁለተኛው የሚዛን ቁጥሮቹ ናቸው፤ መሳሪያ ስንት ይጎዳል፣ ቦስ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው። ይሄ ሁለተኛው ጌሙ ኦንላይን ሲገባ ለብቻው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ኦፍላይን የሚጫወት ሰው App Ver. ካንተ ጋር አንድ ሆኖ ሁለተኛው ቁጥር ወደ ኋላ የቀረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም መግለጫው ውስጥ ጻፋቸው፤ ርዕሱ ላይ የመጀመሪያው ይበቃል። እኔ መቅረጽ ስጀምር መነሻ ስክሪኑን ለሦስት ሰከንድ አሳያለሁ። ከዓመት በኋላ «በየትኛው ነው የቀረጽከው?» ብለው ሲጠይቁኝ ከማስታወሴ ጋር አልታገልም።

ቁጥሩን መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። «v1.16» የሚለው ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም። መግለጫው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርለት፦ «ከ1.03 በፊት ያለ ቨርዥን ላይ ከሆንክ ይሄ ታሪክ መሃል ላይ ይቆማል።» አሁን ልጁ የራሱን ቁጥር አይቶ ይወስናል። ቨርዥን ለውጥ የማያመጣበት ቪድዮ ላይ ደግሞ ቁጥሩን መግለጫው ውስጥ ተወው። ርዕሱ ላይ ቦታ አያባክን።

ወደ ሌቭል እንለፍ። Elden Ring ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ጌም አይደለም። ዓለሙ ክፍት ስለሆነ «ሦስተኛው ስቴጅ» የሚባል ነገር የለም። ተመልካቹ የት እንዳለ የሚያውቀው በመጨረሻ ባረፈበት Site of Grace ስም ነው። ያንን ስም ስክሪኑ ላይ አይቶታል፣ ካርታው ላይም ተጽፎለታል። ስለዚህ የቦታ ምልክትህ እሱ ይሁን። Margitን የምታሳይ ከሆነ «ከCastleward Tunnel ጀምሮ» በል። ቦታው ላይ የቆመ ሰው ወዲያው «አዎ፣ እዚህ ነኝ» ይላል። ያልደረሰ ሰውም ገና መሆኑን ይረዳል።

የገጸ ባሕርይው ሌቭል ሌላ ጉዳይ ነው። «ሌቭል 25» ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው ግማሽ መረጃ ነው። ቦሱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚወድቅ በአብዛኛው የሚወስነው የመሳሪያው ማሻሻያ ነው። ሌቭል 25 ሆኖ መሳሪያው +0 የሆነና ሌቭል 25 ሆኖ +3 የሆነ ሰው የሚጫወቱት ሌላ ሌላ ውጊያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ተራ መሳሪያ እስከ +25 ይሄዳል። Somber Smithing Stone የሚፈልጉት ልዩዎቹ ግን +10 ላይ ያበቃሉ። ስለዚህ «+4» ብለህ ዝም ካልክ ሰው ይሳሳታል። የልዩ መሳሪያ +4 ከተራ መሳሪያ +10 ጋር የሚቀራረብ ጉልበት ነው። የትኛው እንደሆነ ተናገር። መንፈስ ጠርተህ እንደሆነ ወይም ብቻህን እንደሆንክም ተናገር። ብቻውን ሊሞክር የፈለገ ሰው ተኩላዎቹ ቦሱን ሲያዋክቡልህ ካየ በኋላ የተታለለ ነው የሚመስለው።

ተጨማሪ ክፍሉ ላይ፣ ማለትም በጁን 2024 በወጣው Shadow of the Erdtree ላይ፣ ነገሩ እንደገና ይቀየራል። እዚያ Scadutree Blessing የሚባል ከ0 እስከ 20 የሚሄድ ሌላ መለኪያ አለ። «ሌቭል 150» ብለህ ብትጽፍና Blessing ባትጠቅስ ርዕስህ ምንም አልነገረም። ሌቭል 150 ሆኖ Blessing 2 የሆነ ሰው በሁለት ምት ይሞታል። እዚህ ላይ ቨርዥንም ይገባበታል። 1.12.2 የሚባለው ማስተካከያ ተጨማሪ ክፍሉ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የBlessing ደረጃዎች ጉልበት ከፍ አደረገው። በሴፕቴምበር 2024 የመጣው 1.14 ደግሞ የመጨረሻውን ቦስ አንዳንድ ጥቃቶች አለዘበ። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ቪድዮ ያየ ሰው «ይሄን ያህል ከባድ አይደለምኮ» ቢልህ ውሸታም አትበለው።

አሁን ወደ ስፖይለር። ከሁሉ በላይ የሚያስከፋውም፣ በጥንቃቄ ሊታሰብ የሚገባውም ይሄ ነው።

ብዙ ሰው መግለጫው ላይ «ስፖይለር አለው» ብሎ ይጽፍና ግዴታዬን ተወጣሁ ይላል። አልተወጣም። የጌሙ አጋማሽ ላይ ያለ ሰውና ትናንት የጀመረ ሰው እኩል ይፈራሉ፣ ወይም ሁለቱም ችላ ብለውት ይገባሉ። ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ቦታ ይናገራል፦ «Stormveil Castleን ላልጨረሰ ስፖይለር አለው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ምንም አልነካሁም።» ይሄን ያነበበ ሰው ራሱን መለካት ይችላል። የጨረሰው በሰላም ይገባል፤ ያልጨረሰው ይመለሳል።

ስም ራሱ ስፖይለር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የማይሆንበትም አለ። እኔ የምለካው እንዲህ ነው፦ ሰውዬው ይሄን ቪድዮ በሚፈልግበት ሰዓት ጌሙ ስሙን ነግሮታል ወይ? Margitን ውሰድ። ተጫዋቹ ሲፈልግህ የቦሱን ስም ከጉልበት መስመሩ በላይ ደጋግሞ አንብቦታል። ስሙን ርዕስ ላይ ብታወጣው ማንንም አትጎዳም፤ እንዲያውም ስሙ ከሌለ አያገኝህም። Godrickን ውሰድ። ጌሙ ገና ሲጀመር ሜዳው ላይ የምታገኘው ነጭ ጭምብል ያደረገው Varré ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ማን እንዳለ ይነግርሃል። ስለዚህ ስሙ ምስጢር አይደለም። ምስጢሩ ውጊያው መሃል ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። እሱን እዚህም አልጽፈውም። የተጨማሪ ክፍሉ የመጨረሻ ቦስ ግን ስሙ ራሱ ትልቁ ምስጢር ነው። ያንን ስም ርዕስ ላይ ማውጣት ትልቅ በደል ነው። እዚያ «የShadow of the Erdtree የመጨረሻ ቦስ» ብለህ ጻፍ። የደረሰ ሰው እሱን ብሎ ይፈልጋል፤ ያልደረሰ ሰው ምንም አላወቀም።

ርዕሱን አጽድተህ ሌላ ቦታ ላይ ምስጢሩን ልታወጣ ትችላለህ። መጀመሪያ ሽፋን ምስሉ ነው። ርዕሱን ያላነበበ ሰው ሁሉ ምስሉን ያያል። የቦሱን የመጨረሻ መልክ ሽፋን ላይ ከለጠፍክ ማስጠንቀቂያው ምንም አይሠራም። ለእያንዳንዱ ቪድዮ ሽፋኑን ከውጊያው መጀመሪያ፣ ወይም ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ቦታ ውሰድ።

ሁለተኛው የሰዓት ምልክቶቹ ናቸው። መግለጫ ውስጥ 00:00 ብለህ ጀምረህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት በቅደም ተከተል ከጻፍክ፣ እያንዳንዱም ቢያንስ አሥር ሰከንድ ከሆነ፣ ዩቲዩብ ቪድዮውን በምዕራፍ ይከፍለዋል። የምዕራፎቹ ስም ማጫወቻው ላይ ይወጣል። እኔ አንድ ጊዜ መግለጫው ላይ በጣም ተጠንቅቄ ጽፌ ምዕራፉን «ሁለተኛው ፌዝ» ብዬ ሰየምኩት። አንድ ልጅ «ሁለተኛ ፌዝ እንዳለው አላውቅም ነበር፣ ሳየው የመደንገጡን ነገር ወሰድክብኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጉልበቱ ግማሽ ሲደርስ» ብዬ ነው የምጽፈው። የደረሰበት ሰው ይገባዋል፤ ላልደረሰው ደግሞ ምን እንደሚመጣ አይነግረውም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው። «ማስጠንቀቂያ፦ እገሌ ሲሞት ያሳያል» ብሎ የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል። ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚሆን አይናገርም፤ እስከ የት እንደሚሄድ ብቻ ይናገራል። ደግሞ በአፍህም ተናገረው፤ ቪድዮው በተጀመረ በአሥር ሰከንድ ውስጥ። ቴሌቪዥን ላይ የሚያይ፣ ወይም ካለፈው ቪድዮ ተከትሎ በራሱ የተከፈተለት ሰው መግለጫ የሚባል ነገር አያይም።

እስቲ የአንተን «ክፍል 5» Margit ነው ብዬ ልሥራው። ዩቲዩብ ለርዕስ 100 ፊደል ይፈቅዳል። ስልክ ላይ ግን መጨረሻው ሊቆረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ከፊት ይቅደም። የጌሙን ስም በላቲን ጻፈው። ተመልካቹ ስክሪኑ ላይ እንዳየው ነው የሚፈልገው፤ በግዕዝ ፊደል ግን አንዱ «ኤልደን» ሌላው «ኢልደን» ይላል። የአማርኛውን አጻጻፍ መግለጫው ውስጥ አስገባው። የአንተ ክፍል ቁጥር መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ተከታታዩን ለሚከታተል ሰው ይጠቅማል፣ ቢቆረጥም ማንም አይጎዳም።

```
Elden Ring በአማርኛ፦ Margitን ማሸነፍ | ሌቭል 25፣ መሳሪያ +3 | v1.16 | ክፍል 5
```

መግለጫው ደግሞ እንዲህ ይጀምር። ሰው «ተጨማሪ» የሚለውን ሳይነካ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ስፖይለሩ ከሁሉ ይቅደም፤ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ከታች ይውረድ።

```
ስፖይለር፦ Margit ጋ ላልደረሰ አለው። Stormveil Castle ውስጥ አልገባንም።
ቦታ፦ ከCastleward Tunnel ጀምሮ።
አቅም፦ ሌቭል 25፣ ተራ ሰይፍ +3፣ ከLone Wolf Ashes ጋር።
ቨርዥን፦ App Ver. 1.16፣ ሁለተኛው ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንዳለው (ፕሌስቴሽን 4)

00:00 ማስጠንቀቂያና ዝግጅት
01:40 ከበሩ እስከ ድልድዩ
03:05 የውጊያው መጀመሪያ
05:20 ጉልበቱ ግማሽ ሲደርስ
07:10 ካልተሳካልህ፦ ሌላ መንገድ
```

+3 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ጌሙ መጀመሪያ ላይ ያለው Church of Elleh ውስጥ የሚገኘው መቀጥቀጫ መሳሪያን እስከ +3 ብቻ ነው የሚያሻሽለው። ለዚያም Smithing Stone [1] በጠቅላላው 12 ይበቃል፤ ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6። ይሄ ማለት አንጥረኛውን Hewgን ገና ያላገኘ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ቪድዮህን በ+8 ብትቀርጸውና ርዕሱ ላይ «ቀላል ዘዴ» ብትል፣ +3 ይዞ የመጣው ልጅ ዘዴህን በትክክል ተከትሎም ይሞታል። ከዚያ ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል። ርዕስ ላይ አቅምን መጻፍ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። አንተ በ+8 ከቀረጽከው +8 ብለህ ጻፍ፤ ምንም ነውር የለውም።

የቀሩትን 13 ቪድዮዎች እንደገና መቅረጽ የለብህም። ርዕስና መግለጫ ሳታጠፋቸው ይስተካከላሉ፤ የታየው ቁጥርና አስተያየቱ እንዳለ ይቆያል። መጀመሪያ የሰዎች ታሪክ የምትከታተልባቸውን አስተካክል፤ ቨርዥን በብዛት የሚያጣላው እነሱ ላይ ነው። ቀጥሎ የቦሶቹን። ሜዳ ላይ እየዞርክ ዕቃ የምትሰበስብባቸውን ወደ መጨረሻ ተዋቸው። በየትኛው ቨርዥን እንደቀረጽክ ካላስታወስክ የቀረጽክበትን ቀን ጻፍ፤ ከአፕዴቶቹ ቀን ጋር ማመሳከር ይቻላል። ያልተረጋገጠ ቁጥር ግን አትጻፍ።

አዲስ አፕዴት ሲመጣ ቪድዮህ ላይ የሚታይ ለውጥ ካለ ርዕሱ ላይ ያለውን ቁጥር አትቀይረው። የተቀረጸው በዚያው በድሮው ነው። ይልቅ ከመግለጫው አናት ላይ አንድ መስመር ጨምር፤ ለምሳሌ ከ1.14 በፊት በተቀረጸ የተጨማሪ ክፍሉ የመጨረሻ ቦስ ቪድዮ ላይ፦ «ከ1.14 ጀምሮ 05:20 ላይ የምታዩት ጥቃት ቀንሷል።» ያንኑ መስመር አስተያየቶቹ አናት ላይ ሰካው፤ ስልክ ላይ ብዙ ሰው ከመግለጫው በፊት የሚያየው እሱን ነው። የትኛው ቪድዮ ላይ ይሄ መስመር እንደጎደለ የምታውቀው ደግሞ በቀላሉ ነው። «እኔ ጋ የለም» የሚል አስተያየት አንዴ ቢመጣ ልጁ መንገድ ስቶ ይሆናል። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሰዓት ጠቅሰው ከጻፉ ግን ቨርዥኑ ነው፤ ሂድና ያቺን ደቂቃ ፈትሻት።